በብርና በዶላር የሚከፈል ደመወዝ፦ የወሩ ድምር እንዴት ይሠራል?

በቦሌና ከዚያ በስተምሥራቅ ባሉት ሰፈሮች፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ፣ ደመወዙ ሁለት ገንዘብ የሆነ ሠራተኛ ብርቅ አይደለም። የሥራ ውሉ «በወር 30,000 ብርና 400 ዶላር» ይላል እንበል። ይህ ሠራተኛ ባንክ ብድር ሲጠይቅ፣ ቤት ሲከራይ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ሲወዳደር የሚጠየቀው አንድ ቁጥር ነው፦ ደመወዝህ ስንት ነው? ማባዛትና መደመር ማንንም አያቅትም። እንዲህ ያለው ደመወዝ የሚበላሸው በሒሳቡ ክብደት ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው። ተመኑ መጀመሪያ በውል ይወሰን፣ ሁለቱ ክፍሎች ግብር ሳይነካቸው በብር ይደመሩ፣ ተቀናሹ ከድምሩ ላይ ይሰላ፣ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚነሣ የሚወሰነው በመጨረሻ ይሁን። ይህ ተራ ከተዛባ ወይ ለመንግሥት ወይ ለሠራተኛው ራሱ ሳይከፈል የሚቀር ገንዘብ ይኖራል፤ ሁለቱም የሚታወቁት ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት ውሉን አውጥቶ ዶላሩ በምን መልክ እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንደኛው ዶላሩ በእርግጥ ዶላር ሆኖ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ በውጭ ምንዛሪ ደመወዝ የሚከፈላቸው ነዋሪዎች እንዲህ ያለ ሒሳብ እንዲከፍቱ ተፈቅዷል። በሁለተኛው አሠራር ዶላሩ መለኪያ ብቻ ነው፤ 400 ተብሎ ይጻፋል፣ በወሩ ተመን ተባዝቶ ለሠራተኛው የሚደርሰው ብር ነው። የግብሩ ስሌት በሁለቱም አንድ ነው። የሚለያዩት ተቀናሹ በሚነሣበት መንገድ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ቀጥሎ ተመኑ ነው፣ ትልቁ ክርክርም ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ባንኮች ሁሉ ተቀራራቢ ቁጥር ስለሚለጥፉ «በባንክ ተመን» የሚል ሐረግ ይበቃ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል፣ በአንዱ ባንክ ሰሌዳ ላይ እንኳ አራት ቁጥር ተደርድሮ ይታያል፦ የጥሬ ገንዘብ መግዣና መሸጫ፣ የዝውውር መግዣና መሸጫ። ለደመወዝ የሚሆነው የዝውውር መግዣው ነው። ምክንያቱም ዶላሩ የሚመጣው በባንክ ዝውውር ነው፣ ወደ ብር ሲቀየርም ገዢው ባንኩ ነው። መሸጫው ባንኩ ዶላር ለሚፈልግ ደንበኛ የሚጠይቀው ዋጋ ነው፤ ሠራተኛው በዚያ ዋጋ ብር አያገኝም። በመሸጫ የተሠራ ድምር ማንም ያልተቀበለውን ገቢ ያሳያል፣ ግብሩም ባልመጣ ገንዘብ ላይ ይሰላል። ስለዚህ ውሉ ባንኩን፣ ቀኑንና የተመኑን ዓይነት በስም ይጥቀስ። ለምሳሌ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ «የውጭ ምንዛሪው ክፍል ወደ ብር የሚሰላው ደመወዙ በተላለፈበት ቀን የአሠሪው ባንክ ጠዋት ባወጣው የዝውውር መግዣ ተመን ነው»። አሠሪው በብሔራዊ ባንክ ዕለታዊ አመላካች ተመን መሥራት ከመረጠም ችግር የለውም፣ ከወር ወር እስካልቀየረው ድረስ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው «ለዓመቱ አንድ ቋሚ ተመን ብንስማማስ? ሁሉም ያርፋል» የሚል ነው። በጀት ለሚይዝ ሰው ይህ ያጓጓል። ነገር ግን በሐምሌ 2016 መጀመሪያ አንዱን ዶላር በ57 ብር ቆርጦ የያዘ ውል ምን እንደደረሰበት እናስብ። ገበያው ከተለቀቀ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ዶላሩ 100 ብርን አለፈ። ክፍያው በብር ለነበረ ሠራተኛ 400 ዶላሩ 22,800 ብር ሆኖ ሲቀር በገበያው ግን 40,000 ብር ይመነዘር ነበር። በዶላር የተዋዋለው ከእንዲህ ያለ ቀን ሊጠበቅ ነበር፣ ቋሚው ተመን ያንኑ ጥበቃ ነጠቀው። ሁለተኛው ተቃውሞ «እውነተኛው ዋጋ የጥቁር ገበያው ነው» ይላል። በጥቁር ገበያ የተሠራ ድምር ግን ግብር ሰብሳቢው፣ ባንኩም ሆነ ፍርድ ቤቱ የማይቀበለው ድምር ነው፣ በዚያ ዋጋ መመንዘርም ሕገ ወጥ ነው። የደመወዝ ሰነድ ላይ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ስሌቱ። ለሒሳብ እንዲቀል በክፍያው ቀን የመግዣ ተመኑ 150 ብር ነበር እንበል። 400 ዶላሩ 60,000 ብር ይሆናል፣ 30,000 ሲጨመርበት ያልተጣራው ደመወዝ 90,000 ብር ነው። በተሻሻለው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከወር ገቢ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በደረጃ እየጨመረ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። በዚህ ከፍተኛ እርከን ላለ ሰው አቋራጩ መንገድ ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው። ስለዚህ 31,500 ሲቀነስ 2,050፣ ግብሩ 29,450 ብር ይሆናል። በሠንጠረዥ ለሚሠራ ሰው፣ ብሩ B2፣ ዶላሩ C2፣ ተመኑ D2፣ ድምሩ E2 ላይ ካለ፦

```
E2: =B2+C2*D2
F2: =E2*0.35-2050
```

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ለብሩ አንድ፣ ለዶላሩ ሌላ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ አዘጋጅቶ በየራሳቸው ግብር ማስላት ነው። የ30,000ው ግብር 8,450፣ የ60,000ው ደግሞ 18,950 ይመጣል፤ አንድ ላይ 27,400 ነው። ከትክክለኛው በ2,050 ያንሳል፣ ቁጥሩም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ዝቅተኞቹ እርከኖች፣ ነጻው 2,000 ብር ጭምር፣ ለአንድ ሰው በወር አንዴ የተሰጡ ሲሆኑ እዚህ ሁለቴ ተቆጥረዋል። በዓመት 24,600 ብር ይጎድላል። ኦዲት ሲመጣ አሠሪው ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይጠየቃል፣ አሠሪው ደግሞ ወደ ሠራተኛው ይዞራል። እንግዲህ በሰነድህ ላይ ያለው ግብር ከትክክለኛው በልኩ 2,050 ብር አንሶ ከታየህ፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ እንደተሰላ መጠርጠር ትችላለህ።

ጡረታ ሌላ ነገር ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው ከመደበኛ ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። መደበኛ ደመወዝ የተባለው የትኛው ነው? ውሉ ብሩን ብቻ መደበኛ ካለ መዋጮው 2,100 ብር ነው፤ ሁለቱንም ካለ 6,300 ነው። ትንሹ መዋጮ ዛሬ ኪስ ላይ ደስ ይላል። ይሁንና የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ መደበኛ ደመወዝ ነው፣ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ከመፈረም በፊት መነሣት አለበት። ለምሳሌያችን ብሩ ብቻ መደበኛ ነው እንበል፤ የተጣራው 90,000 ሲቀነስ 29,450 ሲቀነስ 2,100፣ ማለትም 58,450 ብር ይሆናል።

ተቀናሹ ከየት ይነሣ? ብዙ የፋይናንስ ክፍሎች ዶላሩን ሳይነኩ ተቀናሹን ሁሉ ከብሩ ማንሣት ይወዳሉ፣ ለሥራ ስለሚቀል። በዚህ ደመወዝ ግን አይሆንም፤ ግብሩና ጡረታው ተደምረው 31,550 ብር ነው፣ ብሩ ደግሞ 30,000 ብቻ። 1,550 ብር ይጎድላል። አንዳንዱ ጉድለቱን «ለቀጣዩ ወር ይዞራል» ብሎ ያልፋል፤ በቀጣዩም ወር ያው 1,550 ስለሚጎድል ዕዳው ይከመራል። ዶላሩ በዶላር የሚገባ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ግብሩን በየድርሻቸው ማካፈል ነው። ዶላሩ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ከግብሩም ሁለት ሦስተኛው፣ 19,633 ብር ገደማ፣ ከዶላሩ ይነሣል፤ በ150 ሲካፈል 130 ዶላር ከ89 ሳንቲም ነው። በእጅ 269 ዶላር ከ11 ሳንቲም ይቀራል። ከብሩ ቀሪው ግብር 9,817 እና ጡረታው 2,100 ተነሥተው 18,083 ብር ይገባል። ክፍያው ሁሉ በብር ከሆነ ይህ ጣጣ የለም፣ 58,450 ብር አንድ ላይ ይገባል።

ተመኑ ሲጨምር ድምሩ ያድጋል፣ ሠራተኛውም ደመወዝ የተጨመረለት ይመስለዋል። ዶላሩ ከ150 ወደ 160 ቢወጣ ጠቅላላው 94,000 ይሆናል፤ 4,000 ብር ጨመረ። ከዚህ 1,400ው ግብር ነው፣ 2,600ው ይተርፋል። በዶላር የሚጠየቅ የቦሌ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ኪራዩ በብር ሲታይ በዚያው ተመን አብሮ ይጨምርበታል፣ ደመወዙ ግን የጨመረው በዶላሩ ክፍል ብቻ ነው፤ ያም ግብር ተነሥቶለት። «ዶላር ስለማገኝ የምንዛሪ ለውጥ አይነካኝም» የሚል ሰው ይህን ስሌት በራሱ ቁጥር ቢሞክረው ጥሩ ነው።

ቀኑም ያምታታል። የውጭ ድርጅቶች በፈረንጅ ወር ይከፍላሉ፣ ግብሩን ማስታወቅ የሚገባው ግን በእኛ ወር ነው። ኖቬምበር 25 የተከፈለ ደመወዝ ኅዳር 16 ላይ ያረፈ ነው፤ በኅዳር ማስታወቂያ ውስጥ ይገባል፣ ተመኑም የዚያው ቀን ነው። በኅዳር መጨረሻ ተመን የሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ከሰሌዳው ጋር የማይገጥም ቁጥር ያወጣል። መሥሪያ ቤትህ በየትኛው ተመን እንደሠራ ማወቅ ከፈለግህ የደመወዝ ሰነድህን ያዝ፤ ከጠቅላላው የብሩን ክፍል፣ በምሳሌያችን 30,000፣ ቀንስ፤ የቀረውን በዶላሩ ቁጥር፣ በምሳሌያችን 400፣ አካፍል። የሚወጣው ቁጥር ገንዘቡ በገባበት ቀን ባንኩ ካወጣው የዝውውር መግዣ ጋር አንድ መሆን አለበት። የዚያን ቀን ሰሌዳ ፎቶ አንሥተህ ከሰነዱ ጋር አስቀምጠው። ልዩነት ካለ፣ ወሩ ሳይዘጋ ለፋይናንስ ክፍሉ በጽሑፍ አቅርብ።