ፕላስተር ለጥፌ ሲጋራ ለምን ያምረኛል?

ጥያቄ፦ በቀን አንድ ፓኮ አጨስ ነበር። ከሳምንት ወዲህ የኒኮቲን ፕላስተር ብለጥፍም ቡና ሲቀርብ ሲጋራ ያምረኛል። ኒኮቲኑ ያው አይደለም ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኒኮቲኑስ ያው ነው፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ጭሱን ሲስቡ ኒኮቲኑ ከሳንባ ወደ ልብ ግራ ክፍል፣ ከዚያም ወደ አንጎል ያልፋል። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ቢፈጅበት ነው። እዚያ ሲደርስ ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል። እርካታው ወዲያው ስለሚከተል አንጎል መሳቡንና እርካታውን ያቆራኛቸዋል። አንዱ ሲጋራ 10 ጊዜ ቢሳብ፣ በፓኮው በቀን 200 ጊዜ ተደገመ ማለት ነው። የቡናው ሽታም አብሮ ይቆራኛል።

ፕላስተሩ ግን በቆዳ በኩል ዝግ ብሎ ስለሚገባ፣ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ለመድረስ ሰዓታት ይወስድበታል። መነጫነጩን ያስታግሳል እንጂ ያችን ፈጣን እርካታ አይሰጥም። ሱስ የማስያዝ ኃይሉ ደካማ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ፕላስተሩን ሳያነሱ፣ አምሮቱ ሲመጣ የኒኮቲን ማስቲካ ቢጨምሩበት ይረዳዎታል። ጥቂት አኝከው በጉንጭና በድድ መካከል ያቆዩት። ቡና ኒኮቲኑ ከአፍ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ ግን፣ ከጠጡ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ይታገሡ። የልብ ሕመም ካለብዎ ወይም ልብዎ ከመጠን በላይ የሚመታ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።