አሥራ ሁለቱ ሳሙናዎች፦ የአንዲት ኪዮስክ የዕቃ መዝገብ በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ

በመንደራችን ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሻማና የመሳሰሉትን የቤት ዕቃዎች የሚሸጡ አንዲት ጎረቤት አሉ። አንድ እሑድ ማታ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከሆነችው ልጃቸው ጋር ላፕቶፕ ይዘው ቤቴ መጡ። ልጅቷ በስፕሬድሺት ያዘጋጀችው መዝገብ በሳምንቱ ሽያጭ ላይ የ630 ብር ጉድለት አሳይቷል። እናትየው ደግሞ ሱቁን ከሰዓት በኋላ የሚጠብቅላቸውን ልጅ በማግሥቱ ሊያሰናብቱት ቆርጠዋል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሠንጠረዡ ልክ ነው ወይ?»

ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው። መልሱን ለማግኘት መዝገቡ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ እንመርምር።

አንድ እኩልታ፣ ሁለት ያልታወቁ

ሳሙና በመደርደሪያ ላይ አይፈጠርም፤ ያለ ምክንያትም አይጠፋም። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚከተለው ዝምድና የግድ እውነት ነው፦ በመነሻ ቆጠራ የተገኘው፣ ሲደመር በሳምንቱ የገባው፣ ሲቀነስ በመጨረሻ ቆጠራ የተገኘው፣ ከሱቁ የወጣውን ይሰጣል። በፊዚክስ የዕቀባ ሕግ የምንለው ይኸው ነው። የመጋዘን ሠራተኞችም «ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ» እያሉ ይጠቀሙበታል።

በትልቅ መጋዘን እያንዳንዱ ወጪ በደረሰኝ ይመዘገባል። በኪዮስክ ግን አንዲት ክብሪት በተሸጠች ቁጥር ኮምፒዩተር መክፈት አይቻልም። ስለዚህ የሚመዘገበው ገቢውና ሳምንታዊ ቆጠራው ብቻ ሲሆን፣ ወጪው በስሌት ይገኛል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። «የወጣ» ማለት የተሸጠና የጎደለ በአንድነት ማለት ነው። አንድ እኩልታ ደግሞ ሁለት ያልታወቁ መጠኖችን ሊለያይ አይችልም። ሁለተኛና ራሱን የቻለ ልኬት ያስፈልገናል፤ እርሱም ገንዘቡ ነው።

ሠንጠረዡ

የመጀመሪያው ገጽ `Items` ይባላል። ከ`A` እስከ `H` ያሉት ዓምዶች በቅደም ተከተል የዕቃውን መለያ፣ ስም፣ የመነሻ ቆጠራ፣ ገቢ፣ የመጨረሻ ቆጠራ፣ የወጣ፣ የአንዱን ዋጋና የሚጠበቀውን ገንዘብ ይይዛሉ። ሁሉም ብዛት የሚጻፈው በፍሬ እንጂ በካርቶን አይደለም። በሁለተኛው ረድፍ የሚገቡት ሁለት ቀመሮች እነሆ፦

```
F2: =C2+D2-E2
H2: =F2*G2
```

ምሳሌው እንዲቀል ሦስት ዕቃዎችን ብቻ እንውሰድ።

| ዕቃ | መነሻ | ገቢ | መጨረሻ | የወጣ | ዋጋ | የሚጠበቅ ብር |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሳሙና | 31 | 48 | 27 | 52 | 40 | 2080 |
| ክብሪት | 64 | 50 | 38 | 76 | 5 | 380 |
| ሻማ | 45 | 0 | 21 | 24 | 15 | 360 |

ድምሩ 2820 ብር ነው። ወደ ገንዘቡ ስንዞር፣ ሳምንቱ ሲጀመር በመሳቢያው 500 ብር ነበር፤ ሲያበቃ 1340 ብር ተገኘ። በቴሌብር 450 ብር ተከፍሏል። ለአከፋፋይ ደግሞ ከመሳቢያው 900 ብር ወጥቷል። ስለዚህ ከሽያጭ የተገኘው 1340 + 450 + 900 − 500 = 2190 ብር ነው። የ630 ብሩ ጉድለት የመጣው ከዚህ ነው።

ጉድለቱን መፈለግ

መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ዱቤ ነበር። ወይዘሮዋ ደብተራቸውን ሲያወጡ በዚያ ሳምንት 150 ብር በዱቤ ሰጥተው ኖሯል። ዕቃው ወጥቷል፤ ገንዘቡ ግን ገና ነው። ቀሪው ጉድለት 480 ብር ሆነ።

ጉድለቱ የመጣው ከአንድ ዕቃ ብቻ ቢሆን ከየትኛው ሊሆን ይችላል? 480 ብር 96 ክብሪት ወይም 32 ሻማ ነው፤ ሁለቱም በሳምንቱ ወጡ ከተባሉት ይበልጣሉ። በሳሙና ግን በትክክል 12 ፍሬ ይሆናል። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ በቅድሚያ የት መፈለግ እንዳለብን የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው።

በሳምንቱ ሁለት ካርቶን ሳሙና ገብቷል። ልጅቷ ካርቶኖቹን በ24 አባዝታ 48 አግኝታለች፤ 24ን የጻፈችውም በቀመሩ ውስጥ ነው። ባዶ ካርቶኖቹ ከሱቁ ጀርባ ስለነበሩ ሄደን አየናቸው። አንደኛው 24 ይላል፤ ሁለተኛው 12። አከፋፋዩ በዚያን ጊዜ ትንሹን ካርቶን በራሱ ዋጋ ልኮ ነበር። እውነተኛው ገቢ 36፣ የወጣው 40፣ የሚጠበቀው 1600 ብር ሆነ። አዲሱ ድምር 2340 ነው፤ 2190 እና 150 ሲደመሩም 2340 ይሆናሉ። የጎደለ ሳሙና አልነበረም።

እርማቱ

ስሕተቱ የተሸሸገው ሊለዋወጥ የሚችል መጠን በቀመር ውስጥ እንደ ቋሚ በመጻፉ ነው። ስለዚህ ገቢ `Received` በተባለ ሌላ ገጽ፣ በመጣ ቁጥር በአንድ ረድፍ ይመዝገብ፦ `A` ቀን፣ `B` የዕቃው መለያ፣ `C` የካርቶን ብዛት፣ `D` በዚያ ካርቶን ላይ የተነበበው የፍሬ ብዛት፣ `E` ጠቅላላ ፍሬ። `Items` ድምሩን ከዚያ ይወስዳል።

```
Received E2: =C2*D2
Items D2: =SUMIF(Received!B:B,A2,Received!E:E)
```

መለያው `S01` እንደሚለው ያለ አጭር ኮድ እንጂ የዕቃው ስም ባይሆን ይመረጣል። ለእኛ «ሳሙና» እና «ሣሙና» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በሌላ «ሣ» የተጻፈው ረድፍ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከድምሩ ይቀራል። ይህን የሚያጋልጥ ቀላል ፈተና አለ። የሚከተለውን ቀመር በሌላ ባዶ ገጽ ላይ ጻፉ፤ ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ ባለቤት ያጣ የገቢ ረድፍ አለ ማለት ነው።

```
=SUM(Received!E:E)-SUM(Items!D:D)
```

ቀኑም ጥንቃቄ ይሻል። ፕሮግራሙ ቀንን የሚተረጉመው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን በቁጥር ብትጽፉለት የፌብሩዋሪ 30 ስለሚመስለው እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ሊይዘው ይችላል፤ ጳጉሜንም ፈጽሞ አያውቃትም። በእኛ አቆጣጠር ለመመዝገብ የምትፈልጉ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ጻፉ።

መዝገቡ የማይናገረው

የ`F` ዓምድ ከዜሮ በታች ከሆነ ያልተመዘገበ ገቢ ወይም የተሳሳተ ቆጠራ አለ። በሳምንቱ መካከል ዋጋ ከተለወጠ፣ በዚያኑ ዕለት ቆጥሮ አዲስ ሳምንት እንደተጀመረ መቁጠር ያሻል፤ አለዚያ የወጣው ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ይባዛል። ለቤት የተወሰደ ሳሙና እንደ ዱቤ ይመዝገብ። የተከፈለ የቀድሞ ዱቤ ደግሞ የዚህ ሳምንት ሽያጭ ስላልሆነ ከገንዘቡ ይቀነስ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም በተለመደ ሳምንት ልዩነቱ ዜሮ ላይ ላያርፍ ይችላል። ጥቂት ብሮች ወዲህና ወዲያ ማለታቸው የቆጠራና የመልስ ስሕተት ነው። በየሳምንቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዘነብል ልዩነት ግን ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባዋል። ሠንጠረዡ ምን ያህል እንደጎደለ ይነግረናል፤ ማን እንዳጎደለ ሊነግረን አይችልም።

ወይዘሮዋ ባዶውን ካርቶን አገላብጠው አዩና፣ «ልጁን ነገ በጠዋት ዓይኑን እንዴት አየዋለሁ?» አሉ። ልጁ ግን የሆነውን ሁሉ አያውቅም ነበር፤ ሰኞ ከሰዓት እንደወትሮው መጥቶ ሱቁን ከፈተ።