ከጅዳ ሆኖ የጎብዬን በርበሬ መሸጥ

በወልድያና በቆቦ መካከል፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ጎብዬ፣ እንደ ሌሎቹ የራያ ቆላ ከተሞች ሁሉ ብዙ ልጆቿ ዓረብ አገር ናቸው። ከጅዳ ወይም ከሪያድ የሚላከው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለቤት መሥሪያ ወይም ለሱቅ ይውላል። እኔ ገንዘቡን ለምትልኩት የምመክረው ከሱቁ በፊት አነስ ያለ ነገር እንድትሞክሩ ነው፤ እህታችሁ ጎብዬ በርበሬ ታዘጋጅ፣ አዘገጃጀቱን በስልኳ ትቅረጽ፣ ገዢውን ደግሞ አዲስ አበባና ደሴ ፈልጉት።

በርበሬን የመረጥኩት አዲስ አበባ ያለ ገዢ በጣም የሚጠራጠረው ምግብ ስለሆነ ነው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚል ዜና ያልሰማ የለም። የተፈጨ በርበሬ ደግሞ በዓይን ብቻ አይለይም። ስለዚህ አጭር ቪዲዮ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዛላው ዱቄት እስኪሆን ያለውን ሁሉ ገዢው በዓይኑ እንዲከታተል ያደርጋል። አምሮ የታሸገ ዱቄት ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ ግን ጥርጣሬውን እንዳለ ይተወዋል።

መዋቢያ መሸጥ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልበል። በቲክቶክ የሚሸጡ ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች ሜርኩሪ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የሌለበት ሃይድሮኪኖን ሊኖርባቸው ይችላል፤ ቆዳንም ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ይዘቱን ላላወቃችሁት ዕቃ የእህታችሁን ፊት ማስታወቂያ አታድርጉት። የፀጉር ቅቤ የአገራችን ነው፣ ግን በቆላ ሙቀት ቀልጦ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ምግብም መዋቢያም በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ናቸው፤ ስለዚህ ገና ሲጀመር እህታችሁ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ምን ፈቃድና ምን የጤና ማረጋገጫ እንደሚያስፈልጋት ትጠይቅ።

ሥራውን በአንድ ዙር እንየው። 20 ኪሎ ዛላ ተገዛ እንበል። ቪዲዮው ከዚህ ይጀምራል፤ ዛላው ሲሰበር ቀጭ ይላል ወይስ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል? የሚተጣጠፈው ገና እርጥብ ነው። ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካለ ይጣላል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመጣ ይችላል፣ መርዙም በማመስ አይጠፋም። የተጣለውን ክምር ማሳየት ኪሳራ አይደለም። እንዲያውም ከቪዲዮዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚታመነው እሱ ነው ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ይቀነጠሳል፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዛል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድና ጨው ተጨምሮ ይፈጫል። የጎብዬ ፀሐይ ለማድረቅ ትረዳለች፤ ማታ ግን ካልተሰበሰበና ካልተሸፈነ ጤዛ ይመልሰዋል። ወፍጮ ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ቀድሞ የተፈጨው የሌላ ሰው እህል ወፍጮው ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ የወጣውን ጥቂት ዱቄት ለብቻ ማስቀመጥና ይህንኑ መቅረጽ ያስፈልጋል። ሲያልቅ ሁሉም ይመዘናል። ቅንጣሹና የተጣለው ስለሚቀነሱ፣ ቅመሙ ደግሞ ስለሚጨመር፣ የአንድ ኪሎ ዋጋ የሚሰላው በተገዛው ዛላ ሳይሆን ሚዛን ላይ በወጣው ዱቄት ነው። የዛላው፣ የቅመሙ፣ የወፍጮው፣ የማሸጊያው፣ የመኪናውና የእህታችሁ የድካም ዋጋ ተደምሮ ለዚያ ይካፈል። የእሷን ድካም ያልቆጠረ ዋጋ ሁለተኛው ዙር ላይ ይሰበራል።

አሁን ወደ መርሐ ግብሩ። በየቀኑ ለጥፉ የሚለውን ምክር ተዉት፤ ውኃ የምትቀዳና ልጅ የምታሳድግ ሴት አትችለውም፣ በሁለተኛው ሳምንት ታቆማለች። በሳምንት ሦስት ይበቃል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሁድ ማታ፣ ሰው ከሥራ ገብቶ ስልኩን ሲይዝ። ከአንድ ዙር ዝግጅት አሥራ ሁለት አጫጭር ቪዲዮ ይወጣል፣ ይህም የአራት ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምርጫውና ቅንጠሳው፣ በሁለተኛው ድለዛውና ማድረቁ ያለ ዋጋ ይለጠፋሉ። ዋጋ የሚነገረው በሦስተኛው ሳምንት፣ ወፍጮና ሚዛን ሲታይ ነው። አራተኛው ሳምንት ለማሸጊያው፣ በዚያው በርበሬ ለሚሠራ ወጥና ሰዎች ለጻፉት ጥያቄ መልስ ይሁን። እያንዳንዱ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ይብቃው። «ሰላም ውድ የገጻችን ቤተሰቦች» ብሎ መጀመር ተመልካቹን ያሳልፈዋል፤ የሚሰበረው ዛላ ድምፅ ይጀምርላት። ፊቷን ማሳየት ካልፈለገች እጇና ድምፅዋ ይበቃሉ፤ ይህን የምትወስነው እሷ ናት። ከጀርባዋ ኬላ፣ ወታደር ወይም የታጠቀ ሰው የሚታይበት ቪዲዮ ግን ፈጽሞ አይለጠፍ።

ከውጭ ያላችሁ እናንተ ብዙ ጊዜ የምትሳሳቱት የቲክቶክ መለያውን ራሳችሁ ስትይዙት ነው። ቲክቶክ አንድን ቪዲዮ መጀመሪያ የሚያሳየው በአብዛኛው ከተለጠፈበት አገር ላሉ ሰዎች ነው። ከጅዳ የተለጠፈ ጅዳ ያሉ እህቶቻችን ያዩታል፤ ይወዱታል፣ አንዳንዶቹም አዲስ አበባ ላሉ እናቶቻቸው ከፍለው ያዝዛሉ፣ አብዛኞቹ ግን አይገዙም። ስለዚህ ቪዲዮውን እናንተ ቆርጣችሁ አስተካክሉ፣ የሚለጥፈው ግን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይሁን። እህታችሁ በቴሌግራም ስትልክ «ፋይል» አድርጋ ትላክ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። ከጥያቄ መልሱ በቀር ሌሎቹ ቪዲዮዎች በሙሉ አዲስ አበባ ሳይደርሱ የመጀመሪያው አይለጠፍ። ኔትወርክ ከሌለ የስልኳ ሚሞሪ ካርድ በሚታመን መንገደኛ እጅ ይሂድ።

ትእዛዝ ሲመጣ ዋጋን «በውስጥ መስመር» ማለት ይቅር። ገዢው የተደበቀ ዋጋን እንደ ማታለያ ያየዋል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ዋጋው፣ ስልኩና የቴሌብሩ ባለቤት ስም በየቪዲዮው አንድ ዓይነት ሆኖ ይጻፍ፣ ምክንያቱም ቪዲዮ ሰርቀው በሌላ ቁጥር ገንዘብ የሚሰበስቡ አሉ። ከበዓል በፊት አንዱ ቪዲዮ ድንገት ሊሮጥ ይችላል፤ ያኔ ሚዛን ላይ ከወጣው ኪሎ በላይ ቅድሚያ ክፍያ አትቀበሉ። «አልቋል» ብሎ ስም መመዝገብ ይሻላል። በርበሬው ከጎብዬ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ ነው ክፍያ መቀበል የሚጀመረው፤ መንገድ ከተዘጋ የሰው ገንዘብ እናንተ ዘንድ ሆኖ መቆየት የለበትም።

ከውጭ የምታወጡት ገንዘብ ለሁለት ዙር የሚበቃ ዛላና ቅመም፣ ዲጂታል ሚዛን፣ የላስቲክ ማሸጊያ ማሽን፣ የስልክ መቆሚያና ትንሽ ማይክ መግዣ ነው። ቲክቶክ ለእይታ የሚከፍለው ለተወሰኑ አገሮች ብቻ ስለሆነ ከእይታ ገቢ አትጠብቁ። በደብተር የሚመዘገቡት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ዋጋ የጠየቀው ስንት ነው፣ ገዝቶ ተመልሶ የመጣው ስንት ነው። ጠያቂው በዝቶ ገዢው ካነሰ ዋጋው ወይም አደራረሱ ላይ ችግር አለ። ገዢው ኖሮ ተመላሹ ከጠፋ ችግሩ በርበሬው ላይ ነው፣ ቪዲዮ አይፈታውም፤ ደውሎ ጨው በዝቶበት ነው ወይስ ሻግቶ ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላም ተመላሽ ከሌለ፣ ለሦስተኛው ዛላ ገንዘብ አትላኩ።