አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሲቆጠር፦ ኢአርፒን ከኦንላይን ሱቅ፣ ከክፍያ መተላለፊያና ከመጋዘን ስካነር ጋር ስለማገናኘት

ኢአርፒ የአንድን ድርጅት ግዥ፣ ሽያጭ፣ ሂሳብና የመጋዘን ክምችት በአንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር መሆኑን በክፍል ተምረናል። ኦንላይን ሱቁ፣ ፔይመንት ጌትዌይ የሚባለው የክፍያ መተላለፊያና የመጋዘኑ ስካነሮች ግን የየራሳቸው ፕሮግራም ስላላቸው ከኢአርፒው ጋር የሚነጋገሩት በኤፒአይ ነው። አንዱ መልእክት ይልካል፣ ሌላው ተቀብሎ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የቤት ዕቃ አስመጪ ድርጅት እስክሄድ ድረስ ነገሩ ከዚህ ያለፈ አይመስለኝም ነበር። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው እዚያ የገጠመኝን አንድ ችግር፣ ምክንያቱንና ያስተካከልንበትን መንገድ ነው።

1. ችግሩ

የማገናኛውን ፕሮግራም የጻፍነው እኔና አንድ የድርጅቱ ባለሙያ ነበርን። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ቆጠራ ተደረገ። ኢአርፒው 42 ካውያ አለ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የተገኘው 40 ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ የጎደሉትን ሁለት ካውያዎች ዋጋ ከደመወዛቸው እንዲከፍሉ ተነገራቸው። እሳቸውም ጠሩኝና «ልጄ፣ እኔ የተረከብኩት ስልሳ ነው፤ ፈርሜበታለሁ። ያንተ ማሽን ስንት እንደሚል እስቲ እየው» አሉኝ።

የፈረሙበት የዕቃ መረከቢያ ቅጽ በእርግጥም 60 ይላል። ኢአርፒው ግን 63 ገባ ብሎ መዝግቧል። የግዥ ትዕዛዙ የ200 ካውያ ሆኖ ዕቃው የሚገባው በከፊል በከፊል ስለነበር ሦስት መብለጡን ማንም ልብ አላለውም። የስካነሩን መዝገብ ስከፍት እንዲህ ያሉ ጥንዶችን ሦስት ቦታ ላይ አገኘሁ፦

```
10:14:07  S2  K-12  +1
10:14:12  S2  K-12  +1
```

በሦስቱም ጥንዶች መካከል ያለው ልዩነት ልክ 5 ሰከንድ ነው። የሰው እጅ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በአራት ሰከንድ ስካን ያደርጋል እንጂ ሦስት ጊዜ በትክክል 5 ሰከንድ አይጠብቅም። ስካነሩ መልስ ካጣ መልእክቱን ደግሞ እንዲልክ የሞላንለት ጊዜ ደግሞ 5 ሰከንድ ነበር። እንግዲህ ሌባው ተገኘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ትርፉ 3 ከሆነ ጉድለቱ ለምን 2 ብቻ ሆነ? በሽያጭ በኩልም ሌላ ስህተት ስለነበረ ነው። በኦንላይን ሱቁ የተሸጡት 20 ካውያዎች ሲሆኑ ኢአርፒው የቀነሰው 21 ነው። 63 ሲቀነስ 21 ደግሞ 42 ይሆናል። አንዱ ስህተት ሌላውን በከፊል ሸፍኖታል። ቁጥሮቹ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ቆጠራው «ትክክል» ብሎ ያልፍ ነበር።

2. ምክንያቱ

በመጋዘኑ አንድ ጥግ ዋይፋዩ ደካማ ነው። ስካነሩ መልእክቱን ይልካል፣ ሰርቨሩም ተቀብሎ ይመዘግባል፤ ነገር ግን «ደርሶኛል» የሚለው መልስ በመንገድ ይጠፋል። ለላኪው የመልእክቱ መጥፋትና የመልሱ መጥፋት አንድ ናቸው፤ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ ደግሞ ይልካል። ባይደግም ደግሞ በእውነት የጠፋው መልእክት ቀርቶ ይቀራል። መድገሙ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ተቀባዩ ድግግሞሹን አለማወቁ ነው።

በክፍያው በኩል የሆነውም ይኸው ነው። ደንበኛው ሲከፍል መተላለፊያው ዌብሁክ የሚባለውን ማስታወቂያ ወደ እኛ ይልካል። የእኛ ፕሮግራም መልስ ከመስጠቱ በፊት ደረሰኝ ያዘጋጃል፣ ክምችት ይቀንሳል፣ ኢሜይል ይልካል። አንድ ቀን ይህ ሁሉ ሲዘገይ መተላለፊያው መጠበቁን ትቶ ማስታወቂያውን ደገመው። ከደንበኛው ላይ ገንዘቡ የተወሰደው አንድ ጊዜ ነው፤ እኛ ግን ሁለቴ መዘገብነው።

3. መፍትሔው

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ተመሳሳይ ባርኮድ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከመጣ ይጣል» የሚል ነበር። ይህ ስህተት ነው። ባርኮዱ የዕቃውን ዓይነት ነው የሚናገረው፤ 60ዎቹም ካውያዎች አንድ ባርኮድ ነው ያላቸው። እንደዚያ ብናደርግ እውነተኛ ዕቃ እንጥል ነበር።

ትክክለኛው ለእያንዳንዱ ድርጊት የራሱን ቁጥር መስጠት ነው። ስካነሩ ቁልፉ በተጫነ ቅጽበት `S2-000318` የሚል ቁጥር ይሰጣል፤ ሲደግምም ያንኑ ቁጥር ይዞ ይልካል። ቁጥሩ የሚሰጠው በመላኪያው ሰዓት ከሆነ ግን ድጋሚው አዲስ ቁጥር ስለሚያገኝ ልፋታችን ከንቱ ነው። ቆጣሪውም ባትሪ ሲያልቅ ወደ ዜሮ እንዳይመለስ በስካነሩ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ለክፍያ ደግሞ የክፍያውን መለያና ሁኔታውን አንድ ላይ ወሰድን፤ ምክንያቱም ስለ አንድ ክፍያ መጀመሪያ «በሂደት ላይ»፣ ቀጥሎ «ተከፍሏል» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ማስታወቂያዎች ሊመጡ ይችላሉ።

ከዚያም በኢአርፒው ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ አንድ የመልእክት መቀበያ ሠንጠረዥ ጨመርን፦

```sql
CREATE TABLE inbox (
  source   VARCHAR(20),
  event_id VARCHAR(100),
  body     TEXT,
  status   VARCHAR(10) DEFAULT 'new',
  PRIMARY KEY (source, event_id)
);
INSERT INTO inbox (source, event_id, body)
VALUES ('scanner', 'S2-000318', 'K-12 +1')
ON CONFLICT DO NOTHING;
```

ሁለተኛው መልእክት ሲመጣ ዳታቤዙ ራሱ አይቀበለውም። ተቀባዩ ፕሮግራም የሚሠራው ይህንን ብቻ ነው፤ መጻፉ እንዳለቀ፣ አዲስም ይሁን ድጋሚ፣ ወዲያው `200` ብሎ ይመልሳል። ላኪውም መድገሙን ያቆማል። ክምችቱን የሚለውጠው ከበስተጀርባ `new` የሆኑትን አንድ በአንድ የሚያነሳ ሌላ ፕሮግራም ነው። የክፍያ ማስታወቂያ ሲሆን ይህ ፕሮግራም ገንዘቡ በእርግጥ መከፈሉንና መጠኑን መልሶ መተላለፊያውን ይጠይቃል፤ ማስታወቂያን ማንም ሰው አስመስሎ ሊልክ ይችላልና።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ክምችቱን መለወጥና `status`ን `done` ማድረግ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ መሆን አለባቸው። መጀመሪያ `done` ብለን ክምችቱን ሳንነካ መብራት ቢጠፋ ዕቃው ሳይመዘገብ ይቀራል። በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ዳግም ይቆጠራል። ኢአርፒው በሌላ ቦታ ተቀምጦ በኤፒአይ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ይህ አይቻልም። ያኔ `event_id`ን በኢአርፒው ሰነድ ላይ እንደ ማጣቀሻ ጽፎ፣ አዲስ ሰነድ ከመክፈት በፊት በዚያ ቁጥር የተከፈተ መኖሩን መፈለግ ግድ ነው።

ይህ ዘዴ የማይፈታው ነገርም አለ። ሠራተኛው አንዱን ካርቶን ተሳስቶ ሁለቴ ስካን ቢያደርግ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ስለሚሰጡ ሁለቱም ያልፋሉ። ስለዚህ በየርክክቡ የስካነሩ ድምር ከመረከቢያ ቅጹ ጋር ካልተስማማ ኢአርፒው ርክክቡን እንዳይዘጋ አደረግን።

የመጋዘኑ ኃላፊ ክፍያ ተሰረዘላቸው፤ የስካነሩን መዝገብ አትሜ ከመረከቢያ ቅጹ ጋር ለሂሳብ ክፍል ያስረከብኩት እኔው ነኝ። ተመሳሳይ ፕሮጀክት የምትሠሩ ጓደኞቼ አንድ ሙከራ ብቻ ልምከራችሁ፦ ሰርቨሩ መልእክቱን ከጻፈ በኋላ መልስ እንዳይልክ ሆን ብላችሁ አድርጉና ስካነሩ አምስት ጊዜ ይደጋግም። ክምችቱ ላይ የተጨመረው 1 ከሆነ ፕሮግራማችሁ ደህና ነው፤ 5 ከሆነ ግን ዕዳው ነገ የሚወድቀው በመጋዘን ጠባቂው ላይ ነው።