በኪሎ ሜትር ያለውን ፔስ ወደ ማይል፣ በማይል ያለውን ወደ ኪሎ ሜትር መለወጥ

በሩጫ ሰዓት ላይ ከሚታዩት ቁጥሮች ጀማሪን በብዛት የሚያደናግረው ፔስ ነው። ፔስ አንድ ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ማይል ለመሮጥ የሚፈጅብዎት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ፈጥነዋል፣ ሲበዛ ቀንሰዋል ማለት ነው። አዲስ አበባ የሚሮጥ ሰው ፔሱን በኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ያው ሰው አሜሪካ ሄዶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ የሩጫ ቡድን ጋር ቢቀላቀል ግን አሠልጣኙም ጓደኞቹም የሚነግሩት በማይል ነው። «እሑድ በ11:15 ነው የምንሮጠው» ይሉታል፤ የእሱ ሰዓት ደግሞ በኪሎ ሜትር ተስተካክሏል። ሰዓቱ ላይ ስንት ቢያይ ነው ከቡድኑ እኩል የሚሄደው?

ከስሌቱ በፊት ሰዓቱ የሚቆጥረው በየትኛው እንደሆነ ይለዩ። ከቁጥሩ አጠገብ በትንንሽ ፊደል `/km` ከተጻፈ በኪሎ ሜትር ነው፣ `/mi` ከተጻፈ በማይል። ፊደሉ ካልታየዎት መም ላይ ይሞክሩት። በመጀመሪያው መስመር አንዱ ዙር 400 ሜትር ነው፤ በየርቀቱ ድምፅ የሚሰጥ ሰዓት ከሆነ ሁለት ዙር ተኩል ላይ ቢጮህ በኪሎ ሜትር ተስተካክሏል፣ አራት ዙር ጨርሰው ጥቂት እርምጃ እንዳለፉ ቢጮህ ደግሞ በማይል።

ለልወጣው የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። ማይሉ ረዘም ስለሚል በማይል የሚቆጠረው ፔስ ምንጊዜም በኪሎ ሜትር ከሚቆጠረው ይበልጣል። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ስትጨርስ አማካይ ፔሷ በኪሎ ሜትር ከ3:08 ትንሽ ያነሰ፣ በማይል ደግሞ 5:02 ገደማ ነበር። ሩጫው አንድ ነው፤ የተለየው መለኪያው ነው። ለውጠው ያገኙት የማይል ቁጥር ከኪሎ ሜትሩ ካነሰ፣ ማባዛት ሲገባዎት አካፍለዋል።

አሁን በወረቀት እንሥራው። ሰዓትዎ በኪሎ ሜትር 6:30 አሳየ እንበል። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሰከንድ ይለውጡ፦ 6 ደቂቃ 360 ሰከንድ ነው፣ 30 ሲጨመርበት 390። ይህንን በ1.609 ያባዙት፤ 627 ተኩል ይመጣል። ከዚያ ወደ ደቂቃ ይመልሱት። 10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ስለሆነ የሚተርፈው 27 ተኩል ነው። በማይል 10:28 ገደማ እየሮጡ ነው ማለት ነው።

ወደ ሰከንድ መለወጡን ዘለው በስልክ ማስያ 6.30 ብለው ቢያስገቡ መልሱ ይበላሻል። ማስያው 6.30 የሚለውን 6 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ አድርጎ ነው የሚረዳው፤ ለእሱ 6 ደቂቃ ተኩል 6.5 ነው። በ1.609 ሲባዛ 10.14 ያወጣል፤ ያንን 10:14 ብሎ ያነበበ ሰው ከትክክለኛው በ14 ሰከንድ ይርቃል። ሌላው ስሕተት መጨረሻው ላይ ይገባል። 627ን ለ60 ሲያካፍሉ ማስያው 10.45 ይላል፤ ይህ ግን 10 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 ሲያባዙት 27 ሰከንድ ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች «ሰዓቴ ይዋሻል» የሚሉት በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ሲሳሳቱ ነው።

እየሮጡ ግን ወረቀትም ማስያም የለም። እኔ የምመክረው የተወሰኑ ጥንዶችን በቃል መያዝን ነው፦

በኪሎ ሜትር 5:00፣ በማይል 8:03
በኪሎ ሜትር 6:00፣ በማይል 9:39
በኪሎ ሜትር 7:00፣ በማይል 11:16
በኪሎ ሜትር 8:00፣ በማይል 12:52

በመካከል ላለው ደግሞ አንድ ሕግ ይበቃል፦ በኪሎ ሜትር 5 ሰከንድ ማለት በማይል 8 ሰከንድ ነው። በኪሎ ሜትር 6:30 ከ6:00 በ30 ሰከንድ ይበልጣል፤ 30 ውስጥ ስድስት ጊዜ 5 አለ፣ ስድስት ጊዜ 8 ደግሞ 48 ነው። 9:39 ላይ 48 ሰከንድ ሲጨመር 10:27 ይሆናል። በወረቀት ካገኘነው የሚለየው በአንድ ሰከንድ ብቻ ነው።

መመለሻውም በዚሁ መንገድ ነው። የሜሪላንዱ ሯጭ የተነገረው 11:15 ከ11:16 በአንድ ሰከንድ ብቻ ስለሚያንስ ሰዓቱ ላይ 6:59 ወይም 7:00 ቢያይ ከቡድኑ ጋር ነው። ቡድኑ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 10:40 ቢያሻሽልስ? የሚቀርበው ትንሹ ጥንድ 9:39 ነው፤ ልዩነቱ 61 ሰከንድ ይሆናል። 61 ውስጥ 8 ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ይገኛል፣ ሰባት ተኩል በ5 ሲባዛ ወደ 38 ይጠጋል። ስለዚህ በኪሎ ሜትር 6:38 ይሮጣል። በወረቀት ማረጋገጥ ከፈለጉ 10:40ን ወደ 640 ሰከንድ ለውጠው ለ1.609 ያካፍሉት፤ 398 ገደማ ይመጣል፣ እሱም 6:38 ነው።

ልዩነትም እንደ ፔሱ መለወጥ አለበት፤ ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አሠልጣኙ «ዳገቱ ላይ በማይል 30 ሰከንድ ቀንሱ» ቢል፣ በኪሎ ሜትር የሚያነብ ሯጭ ፔሱ ላይ መጨመር ያለበት 19 ሰከንድ ያህል ነው። ሠላሳውን እንዳለ ከጨመረ በማይል 48 ሰከንድ ስለሚቀንስ ከቡድኑ ወደ ኋላ ይቀራል። የቀረበትን ምክንያት ግን ድካም ነው ብሎ ያስባል።

ስሌቱን ከሰከንድ በታች ማጥበቅ አያስፈልግም። ሰዓቱ በዚያው ቅጽበት የሚያሳየው ፔስ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ወይም ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር የጂፒኤሱ ምልክት ስለሚዛባ ፍጥነትዎን ሳይቀይሩ እንኳ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሚለውጡት ቁጥር የቅጽበቱ ሳይሆን ከጀመሩት ኪሎ ሜትር ወይም ማይል መነሻ ጀምሮ ያለው አማካይ ይሁን፤ ብዙ ሰዓቶች ይህንን ለብቻው ያሳያሉ።

አልፎ አልፎ ብቻ ማይል ለሚያጋጥመው ሰው ከላይ ያሉት አራት ጥንዶች ይበቁታል። የሚሮጡት ውድድር ምልክቶቹ በየማይሉ የተተከሉበት ከሆነ ግን በየምልክቱ እያሰሉ ከመሮጥ ይልቅ ሰዓቱን ራሱን ወደ ማይል ይቀይሩት፤ ይህንንም በውድድሩ ዋዜማ ሳይሆን ጥቂት ሳምንታት ቀድመው ያድርጉት።