የናሙና ልይይትንና መደበኛ ልይይትን በእጅ ማስላት፤ አካፋዩ ከናሙናዎቹ ቁጥር በአንድ የሚያንስበት ምክንያት

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መነሻ፦ አምስት ናሙናዎች ከአንድ ማሳ

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር 20 ሄክታር የኩታ ገጠም የጤፍ ማሳ አለው እንበል። ማኅበሩ ከአጨዳ በፊት ለገዥ ስንት ኩንታል ለማቅረብ ቃል መግባት እንደሚችል ማወቅ ይፈልጋል። የልማት ሠራተኛው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ይዞ በዕጣ በተመረጡ አምስት ቦታዎች ላይ ያሳርፋል። በክፈፉ ውስጥ ያለው ሰብል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተወቅቶና ተበጥሮ ፍሬው ሲመዘን 148፣ 165፣ 139፣ 172 እና 156 ግራም ሆነ።

ድምሩ 780 ሲሆን ለ5 ሲካፈል አማካዩ 156 ግራም ነው። በአንድ ካሬ ሜትር 1 ግራም ማለት በሄክታር 10 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ግምቱ በሄክታር 15.6 ኩንታል፣ በ20 ሄክታር ደግሞ 312 ኩንታል ይሆናል።

ይሁን እንጂ አምስቱ ናሙናዎች ከ154 እስከ 158 ቢሆኑም፣ ከ100 እስከ 210 ቢሆኑም፣ አማካያቸው ያው 156 ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ግምቱ ያስተማምናል፤ በሁለተኛው አያስተማምንም። ስለዚህ ከአማካዩ ጋር የናሙናዎቹ መበታተን መለካት አለበት። የዚህ መለኪያ ልይይትና መደበኛ ልይይት ይባላል።

2. የስሌቱ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ናሙና ላይ አማካዩ ይቀነሳል። ቀጥሎ የተገኘው ልዩነት በራሱ ይባዛል።

| ናሙና (ግራም) | ከአማካዩ ያለው ልዩነት | ልዩነቱ በራሱ ሲባዛ |
|---|---|---|
| 148 | −8 | 64 |
| 165 | +9 | 81 |
| 139 | −17 | 289 |
| 172 | +16 | 256 |
| 156 | 0 | 0 |
| ድምር 780 | 0 | 690 |

የመካከለኛው ዓምድ ድምር ሁልጊዜ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ ከመቀጠል በፊት ስሕተቱ ይፈለግ። ልዩነቶቹን በራሳቸው የምናባዛውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንዲሁ ቢደመሩ ተጣፍተው ምንም አይቀርም።

የመጨረሻው ዓምድ ድምር 690 ለ5 ሳይሆን ለ4 ይካፈላል፦

690 ÷ 4 = 172.5

ይህ የናሙናው ልይይት ነው። መደበኛ ልይይት የዚህ ቁጥር ዳግም ዘር ነው። ካልኩሌተር ከሌለ፣ 13 × 13 = 169 ስለሆነ መልሱ ከ13 ጥቂት ይበልጣል። 172.5ን ለ13 ብናካፍል 13.27 እናገኛለን፤ የ13 እና የ13.27 አማካይ ደግሞ 13.13 ያህል ነው። 13.13 በራሱ ሲባዛ 172.4 ስለሚሆን ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም። መደበኛ ልይይቱ 13.1 ግራም ነው።

አማካዩ ክፍልፋይ ሲሆን ይህ መንገድ አድካሚ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከናሙናዎቹ ጋር የሚቀራረብ አንድ ሙሉ ቁጥር፣ ለምሳሌ 150፣ ከሁሉም ላይ ይቀነሳል። የሚቀረው −2፣ 15፣ −11፣ 22 እና 6 ነው፤ ድምሩ 30፣ በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ ደግሞ 870። ድምሩን 30ን በራሱ አባዝተን ለ5 ብናካፍል 180 ይመጣል። 870 − 180 = 690፤ ያው ቁጥር ተገኘ። እዚህ ላይ የሚካፈለው ለ5 ነው፤ ለ4 የሚካፈለው በመጨረሻ የሚገኘው 690 ብቻ ነው።

3. ለምን ለ4?

ልናውቅ የምንፈልገው የጠቅላላውን ማሳ መበታተን እንጂ የአምስቱን ክፈፎች አይደለም። ለዚህ እያንዳንዱ ናሙና ከማሳው እውነተኛ አማካይ የራቀበት መጠን መለካት ነበረበት። እውነተኛውን አማካይ ግን አናውቀውም። በምትኩ የወሰድነው 156 ከእነዚሁ አምስት ናሙናዎች የወጣ ስለሆነ ወደ እነርሱ ያደላል።

የማሳው እውነተኛ አማካይ 160 ነበር እንበል። ልዩነቶቹ −12፣ 5፣ −21፣ 12 እና −4 ይሆኑና በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 770 ይሰጣሉ። ከ156 ስንነሣ ያገኘነው ግን 690 ነው። ከ160 ይልቅ 150 ወይም ሌላ ቁጥር ብንወስድም ድምሩ ከ690 ይበልጣል፤ ትንሹን ድምር የሚሰጠው የናሙናዎቹ የራሳቸው አማካይ ነውና። ስለዚህ 690 አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው ያነሰ ነው። አካፋዩን መቀነስ ይህን ጉድለት ይሞላል።

የሚቀነሰው ልክ አንድ የሆነበትም ምክንያት አለ። የልዩነቶቹ ድምር ዜሮ መሆን ስላለበት፣ አራቱ ከታወቁ አምስተኛው ምርጫ የለውም። በሰንጠረዡ −8፣ +9፣ −17 እና +16 ሲደመሩ ዜሮ ስለሚሆኑ የመጨረሻው የግድ ዜሮ ነው። አንዱ አማካዩን ለማውጣት ውሏል፤ ስለ መበታተን በነጻ የሚናገሩት አራት ብቻ ናቸው።

4. በሦስት ቁራጭ ወረቀት ማረጋገጥ

ነገሩን ለማኅበር አባላት ለማሳየት በሦስት ወረቀቶች ላይ 12፣ 15 እና 18 ይጻፍ። እነዚህ ሦስቱ ጠቅላላው ማሳ ናቸው እንበል። እውነተኛ አማካያቸው 15 ሲሆን፣ ሁሉም ስለተለኩ ልይይታቸው ለ3 ተካፍሎ (9 + 0 + 9) ÷ 3 = 6 ነው።

አሁን አንድ ወረቀት ይውጣ፣ ይመዝገብ፣ ይመለስ፤ ከዚያ ሁለተኛ ይውጣ። ሊወጡ የሚችሉት ጥንዶች ዘጠኝ ናቸው። በሦስቱ ሁለቱም ቁጥሮች አንድ ዓይነት ስለሆኑ የልዩነት ካሬዎች ድምር 0 ነው። በአራቱ ቁጥሮቹ በ3 ስለሚለያዩ ድምሩ 4.5 ነው። በሁለቱ 12 እና 18 ስለሚወጡ ድምሩ 18 ነው። የዘጠኙ ጠቅላላ ድምር 54፣ አማካዩ 6 ነው።

እያንዳንዱን ለ2 ብናካፍል በአማካይ 3 እናገኛለን፤ ይህ የእውነቱ ግማሽ ነው። ለ1 ብናካፍል ልክ 6 ይመጣል።

5. ጥንቃቄና አጠቃቀም

ናሙናው ጥቂት ሲሆን ስሕተቱ ከባድ ነው። በሦስት ናሙና ለ3 ያካፈለ ሰው የሚያገኘው መደበኛ ልይይት ለ2 ካካፈለው በ18 በመቶ ያህል ያንሳል፤ በአምስት ናሙና በ11 በመቶ፤ በ30 ናሙና ግን ከ2 በመቶ በታች ነው። የአንድ ማኅበር አባላት ምርት አንድም ሳይቀር ተመዝኖ፣ የሚፈለገውም የእነርሱው ብቻ ሲሆን ግን አካፋዩ ሙሉው ቁጥር ነው።

ካልኩሌተር ሁለቱንም ስሌት ስለሚይዝ የትኛውን እንደሚሰጥ መፈተን ያሻል። 12 እና 18 ሲገቡ መደበኛ ልይይቱ 4.24 ካለ በአንድ ቀንሶ አካፍሏል፤ 3 ካለ አልቀነሰም።

አንድ መቀነስ የናሙና አወሳሰድን ጉድለት አያርምም። ክፈፉ ጥሩ ሰብል ባለበት ብቻ ካረፈ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ግምቱ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ማኅበሩ ጥያቄ እንመለስ። 13.13ን ለ5 ዳግም ዘር፣ ማለትም ለ2.24 ብናካፍል 5.9 ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህ የአማካዩ መደበኛ ስሕተት ነው። ለአምስት ናሙና ከሠንጠረዥ የሚወሰደው ማባዣ 2.78 ሲሆን፣ የሚነበበውም በ4 መስመር ነው። ውጤቱ 16 ግራም ያህል ስለሆነ፣ በ95 በመቶ እምነት የማሳው አማካይ ከ14.0 እስከ 17.2 ኩንታል በሄክታር ባለው ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ማኅበሩ ቃል መግባት ያለበት 312 ኩንታል ሳይሆን ወደ 280 ኩንታል ነው። ከዚህ የበለጠ ለመዋዋል የሚፈልግ ከሆነ አስቀድሞ ተጨማሪ ክፈፎች ያሳርፍ።