ከመቁጠራችሁ በፊት ንጉሡን እዩ

ጎንደር ፒያሳ፣ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ቼዝ የምትጫወቱ ወዳጆቼ፣ ይህ ሳይደርስባችሁ አይቀርም። ጨዋታው ተጋግሏል። ከሰሌዳው ጎን የተደረደሩትን የተበሉ ጠጠሮች በዓይናችሁ ትቆጥራላችሁ። «አንድ በልጫለሁ» ብላችሁ ልባችሁ ይረጋጋል፤ ቡናውንም ፉት ትላላችሁ። ከአራት አምስት እንቅስቃሴ በኋላ ግን ንጉሣችሁ መውጫ አጥቶ ይያዛል። በእኔም ላይ ብዙ ጊዜ ደርሷል። ቁጥሩ ትክክል ነበር። የተሳሳትነው ከቁጥሩ መጀመራችን ነው።

ይህን ልማድ ለመስበር የሚረዳ ትምህርት እዚሁ አገራችን ውስጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአገራችን የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አጠገብ በደረሰበት ጥቃት ቆስሎ ሞተ። ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ውስጥ መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረውን ሰንጠረዥ ገልጾታል። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የተሰለፉበት ያ ጨዋታ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አንድ አስደናቂ ደንብ አለው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች የፈለጉትን ያህል እያንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል።

እስቲ ወረራውን ልብ በሉት። ገና ምንም ስላልተበላ የሚቆጠር ብልጫ የለም፤ ሁለቱም እኩል ናቸው። ተጫዋቹ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ ሊጠይቅ የሚችለው «የማን ጠጠሮች ሥራ ይዘዋል? የማን ንጉሥ ተጋልጧል?» ብቻ ነው። እኛ ዛሬ በመጨረሻ የምናስታውሳቸውን ሁለት ጥያቄዎች እነሱ በመጀመሪያ ይጠይቁ ነበር። በዘመናዊው ቼዝም መሐል ጨዋታ ላይ ስትደርሱ ለአንድ አፍታ በወረራ ላይ እንዳላችሁ ሆናችሁ ሰሌዳውን እዩት። ቆጠራው ይቆያል።

ይህን በአንድ ጨዋታ ላይ እንሞክረው። በ1858 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ፖል ሞርፊ በኦፔራ ቤት ከሁለት መሳፍንት ጋር ተጫወተ፤ እነሱ እየተመካከሩ ጥቁሩን ይዘው ነበር። ሰሌዳ ካላችሁ ደርድሩት፦

```
1.e4 e5 2.Nf3 d6 3.d4 Bg4 4.dxe5 Bxf3
5.Qxf3 dxe5 6.Bc4 Nf6 7.Qb3 Qe7
8.Nc3 c6 9.Bg5 b5 10.Nxb5 cxb5
11.Bxb5+ Nbd7 12.O-O-O
```

እዚህ ላይ አቁሙና እንደ ልማዳችን እንቁጠር። ወታደር 1፣ ፈረስና ቢሾፕ 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9 ነው። ነጩ ንግሥት፣ ሁለት ሩክ፣ ሁለት ቢሾፕና 7 ወታደር ስላለው 32 ይሆናል። ጥቁሩ ንግሥት፣ ሁለት ሩክ፣ አንድ ቢሾፕ፣ ሁለት ፈረስና 5 ወታደር ስላለው 33 ይሆናል። ጥቁሩ በአንድ በልጧል፤ በረንዳው ላይ ቡናውን ፉት ያልንበት ቅጽበት ይኸው ነው።

አሁን ቁጥሩን ርሱትና ንጉሡን እዩ። የነጩ ንጉሥ ካስሊንግ አድርጎ c1 ላይ ተቀምጧል፤ የሚያስፈራራው የለም። የጥቁሩ ንጉሥ ግን ከተነሣበት e8 አልተነቃነቀም። አጠገቡ ያለው የd ዓምድ ወታደር አልባ ነው፤ በዚያ ዓምድ ጫፍ ላይ የነጩ ሩክ አፍጥጧል። በመካከላቸው ያለው አንድ ፈረስ ብቻ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን የጥቁር ጠጠር «አንተ ምን እየሠራህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። d7 ላይ ያለው ፈረስ ታስሯል፤ ቢነሣ b5 ላይ ያለው ቢሾፕ ንጉሡን ያገኘዋል። f6 ላይ ያለውም ፈረስ በሌላኛው ቢሾፕ ተይዟል፤ ቢነሣ ንግሥቲቱ ትበላለች። ንግሥቲቱ ደግሞ e7 ላይ ቆማ የራሷን ቢሾፕ መንገድ ዘግታለች። ያ ቢሾፕና ከጎኑ ያለው ሩክ ገና ከቤታቸው አልወጡም። ሁለቱ በቆጠራችን ውስጥ 8 ነጥብ ይዘው ገብተዋል፤ በጦርነቱ ውስጥ ግን የሉም። በነጩ በኩል ሥራ ያልጀመረው h1 ላይ ያለው ሩክ ብቻ ነው፤ እሱም መንገዱ ክፍት ሆኖ ተራውን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጎበዝ ተጫዋች የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የነጩ ብልጫ ዕድሜ አለው። ጥቁሩ ንግሥቲቱን ከመንገድ አንሥቶ፣ ቢሾፑን አውጥቶ ካስሊንግ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሦስት እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ካገኘ ንጉሡ ይከለላል፣ የተኙት ጠጠሮች ይነቃሉ፤ 33 ለ32 የሚለው ቁጥርም እውነተኛ ብልጫ ይሆናል። የጠጠር ብልጫ ይቆያል፤ የእንቅስቃሴ ብልጫ ግን ካልተጠቀሙበት ይተናል። ስለዚህ «ንቁ ነኝ» ካላችሁ ወዲያው «ባላጋራዬ ለመረጋጋት ስንት እንቅስቃሴ ይበቃዋል?» ብላችሁ ቁጠሩ። መልሱ አንድ ከሆነ ጠጠር ከመሠዋታችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ። ሦስት ከሆነ አትዘግዩ።

ሞርፊ አልዘገየም።

```
12...Rd8 13.Rxd7 Rxd7 14.Rd1 Qe6
15.Bxd7+ Nxd7 16.Qb8+ Nxb8 17.Rd8#
```

ሩኩን በፈረስ ለወጠ፤ ቁጥሩ 27 ለ30 ሆነ። ያ ሥራ የፈታ የመሰለው ሁለተኛ ሩክም በአንድ እርምጃ d1 ላይ ተተካ። ጥቁሩ በዚህ ጊዜ ንግሥቲቱን ወደ e6 አመጣ፤ ንግሥት በንግሥት ለመለዋወጥ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ንግሥቶች ከሰሌዳው ከወጡ የተጋለጠ ንጉሥ አደጋው ይቀንሳል፣ የቆጠራውም ክብደት ይጨምራል። የተጋለጠ ንጉሥ ይዛችሁ በጠጠር ከበለጣችሁ እናንተም ይህን ልውውጥ ፈልጉ፤ ግን በጊዜው። እዚህ ግን አንድ እርምጃ ዘግይቷል። ሞርፊ ንግሥቱን በነጻ ሰጠ፤ ፈረሱ እሷን ለመብላት ሲነሣ d ዓምድ ተከፈተና ሩኩ d8 ላይ ንጉሡን ያዘው።

በመጨረሻው ቅጽበት ነጩ 15፣ ጥቁሩ 25 ነበረው። የንጉሡን አንዱን መሸሻ፣ f8ን፣ የዘጋው ደግሞ ያው ከቤቱ ያልወጣው የራሱ ቢሾፕ ነው።

ሞርፊ ይህን የጀመረው ንግሥቱን ሲሠዋ አልነበረም። 8ኛው እንቅስቃሴ ላይ b7 ያለውን ወታደር በነጻ መብላት ይችል ነበር። ቢበላው ግን ጥቁሩ ንግሥቱን b4 ላይ አምጥቶ ንጉሡን ያስጠነቅቅና ንግሥቶች ይለዋወጣሉ፤ ጨዋታውም ይቀዘቅዛል። ወታደሩን ትቶ ፈረሱን አወጣ። እኔ ከንግሥቲቱ መሥዋዕት ይልቅ ይህን እወዳለሁ፤ ሁላችንም ነገ ልናደርገው የምንችለው ይህን ነውና።

ዓይኔ ወደ ቁጥር መሮጡን እስኪተው የረዳኝን አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። የተበሉትን ጠጠሮች ከሰሌዳው ጎን አልደረድርም፤ ወዲያው ሣጥናቸው ውስጥ እከታለሁ። ተራዬ ሲደርስ መጀመሪያ የሁለቱን ንጉሦች ዙሪያ አያለሁ፣ ከዚያ ከቤታቸው ያልወጡትን ጠጠሮች በጣቴ እቆጥራለሁ። ሣጥኑን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።